ያማረ ወረቀት፣ ያልተረጋገጠ ጥርጣሬ

እሷ፦ እስቲ መርሳ ላይ የሚያስተምር አንድ የግብርና መምህር እናስብ። ስለ ሀብሩ የመስኖ ሽንኩርት ጻፉ ብሎ አዟል። ከአንዱ ተማሪ የመጣለት ወረቀት እንግሊዝኛው እንከን የለሽ ነው፤ አንድ ቀበሌ፣ አንድ ገበሬ፣ የአንድ ኩንታል ዋጋ ግን የለበትም።

እሱ፦ ማሽን ነዋ የጻፈው! መለያ ሶፍትዌር አለ አይደል እንዴ?

እሷ፦ እሱን ተወው። የቻትጂፒቲ ባለቤት ኦፕንኤአይ ራሱ የሠራውን መለያ፣ ትክክለኛነቱ አነስተኛ ነው ብሎ በ2023 እ.ኤ.አ. ዘግቶታል። በዚያው ዓመት የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሲፈትሹ፣ መለያዎቹ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆኑ ሰዎች ከጻፏቸው የቶፍል ድርሰቶች በአማካይ ከግማሽ በላዩን የማሽን ናቸው ብለዋል። የኛም ልጆች እዚያው ውስጥ ናቸው።

እሱ፦ እና ሙሉ ነጥብ ይስጠው?

እሷ፦ ለምን ሲባል? ከ20ው 8ቱ ለአካባቢ መረጃ ነው ብሎ አስቀድሞ ካሳወቀ፣ መረጃው ስለሌለ 8ቱ የለም። ማን ጻፈው የሚለው እዚህ አይገባም። የቋንቋውን ነጥብ ግን ያገኛል።

እሱ፦ ውሃው በየስንት ቀኑ እንደሚለቀቅ በቃል ቢጠይቀውስ?

እሷ፦ ይጠይቅ፣ ግን ክፍሉን በሙሉ፣ አምስት አምስት ደቂቃ። አንዱን ብቻ ነጥሎ ከጠራ ከሰሰው ማለት ነው። ልጁ ፈርቶ ዝም ካለም ረቂቁንና የመስክ ማስታወሻውን ይዞ እንዲመለስ ቀን ይስጠው።