በጂንካ ገብቶ በአርባ ምንጭ መውጣት፦ የእንግዶቻችን ጉዞና ሒሳቡ

(ለማኅበራችን አባላትና ደጋፊዎች በጂንካ የቀረበ ንግግር)



ከሒሳብ ክፍል ስለ ቁጠባና ብድር እንጂ ስለ አውሮፕላን ቲኬት ትሰማላችሁ ብላችሁ እንዳልጠበቃችሁ እናውቃለን። ሆኖም ደጋፊዎቻችን ሊጎበኙን ሲመጡ የአገር ውስጥ ጉዟቸው ወጪ በመዝገባችን ያልፋል፤ መንገድ ላይ የሚያልፈው ቀን ደግሞ ከእናንተ ጋር ከሚቆዩበት ቀን ላይ ይቀነሳል።

ቀደም ሲል ለእንግዶቻችን ይቆረጥ የነበረው ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ የደርሶ መልስ ቲኬት ነው። ከአርባ ምንጭ ጂንካ በኮንሶና በቀይ አፈር በኩል 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ ቀን ለመምጣት፣ አንድ ቀን በዚያው መንገድ ለመመለስ ይሄዳል። በመሆኑም ከአራት ቀን ጉብኝት ሁለቱ መኪና ውስጥ ያልቃሉ። እናቶች ደብተራቸውን ይዘው ከጠዋት ጀምረው ሲጠብቁ ውለው፣ እንግዶቹ አንድ ሰዓት እንኳ በቅጡ ሳይቀመጡ የተነሡበትን ቀን የምታስታውሱ አላችሁ።

ስለዚህ አሁን ያዘጋጀነው በአንድ ከተማ ገብቶ በሌላ ከተማ የሚወጣ ቲኬት ነው። በአየር መንገዶች ቋንቋ «ኦፕን ጆ» ይባላል፤ ክፍት መንጋጋ እንደ ማለት ነው። በኢንተርኔት ሲቆረጥ የደርሶ መልሱን ትተን Multi-city የሚለውን እንመርጣለን። በመጀመሪያው መስመር ከአዲስ አበባ ጂንካ፣ በሁለተኛው ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ ብለን እንሞላለን። የጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ ምልክት BCO፣ የአርባ ምንጭ AMH ነው። በመካከላቸው ያለው ክፍተት የእኛ ኃላፊነት ነው፤ አየር መንገዱ አያጓጉዝም፣ ቢዘገይም አይጠይቀንም።

በጂንካ መግባትን የመረጥነው በምክንያት ነው። በረራ በአየር ጠባይ ወይም በሌላ ምክንያት ሊሰረዝ ይችላል። ሲገቡ ቢሰረዝ እንግዶቹ አዲስ አበባ አድረው በሚቀጥለው በረራ ይመጣሉ። ሲወጡ ከጂንካ ቢሰረዝ ግን ያን ሁሉ መንገድ በመኪና ተጉዘው አርባ ምንጭ መድረስ ሊኖርባቸው ነው፤ ማታ ወደ ውጭ የሚበሩ ከሆነ አያደርሳቸውም። በአርባ ምንጭ ሲወጡ ይህ መንገድ አስቀድሞ አልቋል።

የሦስት እንግዶች ጉዞ እንዲህ ይሆናል። ማክሰኞ ጂንካ ይገባሉ። ረቡዕ ሙሉ ቀን ከራስ አገዝ ቡድኖች ጋር ይውላሉ። ሐሙስ የቀይ አፈር ገበያ ነው፤ ገበያው በመንገዳቸው ላይ ስለሆነ እዚያ የሚሸጡ አባሎቻችንን አግኝተው ኮንሶ ያድራሉ። ዓርብ አርባ ምንጭ ይደርሳሉ፤ ቅዳሜ ወደ አዲስ አበባ ይበራሉ። ወደ ውጭ የሚበሩት እሑድ ነው፤ የአዲስ አበባዋ አንድ ሌሊት መጠባበቂያ ናት።

አሁን ወደ ሒሳቡ። የመኪናው ወጪ እንደታሰበው አይቀንስም። የጂንካ መኪና እንግዶቹን አርባ ምንጭ አድርሶ ባዶውን ይመለሳል፤ ባለመኪናውም የመመለሻውን ነዳጅና ቀን ያስከፍላል። የሚተርፈው የእንግዶቹ አንድ የመንገድ ቀን ነው፤ ከእሱም ጋር የሦስት ሰው አንድ አዳርና የቀን አበል። ስለዚህ ከባለመኪናው ጋር ስንዋዋል የመመለሻውን ዋጋ ለብቻው እናስጽፋለን፤ በዚያው ቀን ከአርባ ምንጭ ሥልጠና የሚመለሱ አባላት ካሉን በዚያ መኪና እንዲመጡ እናደርጋለን፤ የእነሱ ትራንስፖርት ይቀራል።

ሁለት ነገር እንጠንቀቅ። አንደኛ፣ በአንድ ቲኬት ላይ የመጀመሪያው በረራ ካልተሳፈሩበት ብዙውን ጊዜ የተቀረውም ይሰረዛል። አንዱ እንግዳ «መኪና አግኝቻለሁ፣ በየብስ እመጣለሁ» ቢል፣ አስቀድሞ ቲኬቱን ካላስለወጠ አርባ ምንጭ ሲደርስ ወንበር ላያገኝ ይችላል።

ሁለተኛው የኦዲት ነው። ቲኬቱ ላይ እንግዳው ጂንካ ይወርዳል፣ ከዚያ ከአርባ ምንጭ ይነሣል። በመካከሉ ARNK የሚል ጽሑፍ ሊታይ ይችላል፤ ያ ክፍል በበረራ አልተሸፈነም ማለት ነው። ኦዲተር «በምን ሄዱ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ የመኪናው ደረሰኝ ነው። ቀኑ፣ የሰሌዳ ቁጥሩ፣ መነሻና መድረሻው፣ የተሳፋሪዎቹ ስም ተጽፎበት ከቲኬቱ ጋር በአንድ ፋይል ይታሰራል። ደረሰኙ ከሌለ ክፍተቱ በመዝገባችንም ላይ ክፍት ሆኖ ይቀራል።

የረቡዕ ተረኛ ቡድኖች እንግዶቹ ሙሉ ቀን አብረዋችሁ ስለሚውሉ፣ ደብተራችሁን ዘርግታችሁ ለማስረዳት ጊዜ አላችሁና በዚሁ ተዘጋጁ።