ስጦታውን መልሶ ሰጪውን ማክበር
(በመርካቶ አካባቢ ለሚገኙ አጥቢያዎች የሰበካ ጉባኤና የልማት ኮሚቴ አባላት ከቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጉቦ አይደለም። ጉቦን እንዴት እንደምንመልስ ሁላችንም እናውቃለን። የሚያስቸግረን በቅን ልቡና የመጣው ውድ ስጦታ ነው። ባለጉዳያችን በምስጋና ያመጣውን ብንቀበል ሥራችን ይጎዳል፤ በክፉ አንደበት ብንመልስ ሰውየው ይጎዳል።

ቋንቋችን ራሱ ጉዳዩን ለይቶ ያስቀምጠዋል። መማለጃ ፍርድ ለማጣመም የሚሰጥ ነው። እጅ መንሻ ግን ለከበረ ሰው የሚቀርብ አክብሮት ነው፤ ሰብአ ሰገል ያቀረቡት ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ በአማርኛው ወንጌል የተጠራው በዚህ ቃል ነው። መርካቶ ደግሞ የራሱ ልማድ አለው፤ ነጋዴው ሸጦ ሲያበቃ ጥቂት ጨምሮ ይመርቃል፣ ደንበኛም ያለ ምርቃት ቢሄድ ቅር ይለዋል። እንግዲህ በዚህ ገበያ ያደገ ሰው ስጦታ ይዞልን ሲመጣ በልቡ ያለው አብዛኛውን ጊዜ መማለጃ አይደለም። እኛ መማለጃ እንደ ሆነ አድርገን ከመለስንለት ያልበደለውን ከሰስነው ማለት ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት እናት በሸማ ተራ ትሠራለች እንበል። ከአጥቢያው ተዘዋዋሪ ገንዘብ ተበድራ ጥሬ ዕቃ ገዛች፣ ሠራች፣ ብድሩንም በጊዜው መለሰች። የፕሮጀክቱ ሠራተኛ ልጁን በ40 ቀን ክርስትና ሲያስነሣ፣ እርሷም ከጎረቤት ጋር መጥታ በወረቀት የተጠቀለለ ትንሽ ዕቃ ለእናትየው ሰጠች። በሚቀጥለው ወር ኮሚቴው የሁለተኛውን ዙር ተበዳሪዎች ይመርጣል፤ እርሷም አመልክታለች። እንግዳው ከሄደ በኋላ ጥቅሉ ሲፈታ የወርቅ ሐብል ከነመስቀሉ ተገኘ።

እዚህ ላይ የባህላችንን አንድ ነገር እናስተውል። ስጦታን በሰጪው ፊት መፍታት ነውር ነው። ስለዚህ ዋጋውን የምናውቀው ሰጪው ከሄደ በኋላ ነው። በበሩ ላይ አልቀበልም ማለት አይቻልም፤ መመለስ ብቻ ይቀራል። የሚመለሰውም በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ መሆን አለበት። «በዓሉ ይለፍና» እያልን በሣጥን ውስጥ ካቆየነው፣ እርሷ ተቀብለውኛል ብላ ታምናለች፤ ከወር በኋላ ሲመለስላትም «ምን አጥፍቼ ነው?» ትላለች። በመካከሉ ደግሞ የተበዳሪዎች ስም ይወጣል። ስሟ ቢኖርበት ወርቁ አስገባት ይባላል፤ ባይኖርበትም ወርቁ አነሰ ይባላል።

እንዴት ይመለስ? በልጅ ወይም በዘበኛ አይላክም፤ ሠራተኛው ራሱ ይሄዳል። ወደ ሱቋ ግን አይሄድም፤ በተራው የሚያዩ ዓይኖች ብዙ ናቸውና። ወደ ቤቷ፣ እርሷ ከምታከብረው አንድ የኮሚቴ አባል ጋር ይሄዳል። ከዚህ የበዛ ሰው ከሄደ ሽምግልና ይመስላል፤ ብቻውን ከሄደም የተመለሰውን የሚመሰክር አይኖርም። ሲናገርም በምስጋና ይጀምራል፤ ምክንያቱን በእርሷ ሳይሆን በራሱ ኃላፊነት ላይ ያሳርፋል። እንዲህ ቢል መልካም ነው፦

«እናቴ፣ በልጄ ክርስትና ቀን መጥተው ስላከበሩን እግዚአብሔር ያክብርልን። የእርስዎን ልብ አውቃለሁ፤ በፍቅር እንዳመጡት አልጠራጠርም። ነገር ግን የተበዳሪዎች ዝርዝር በእኔ እጅ ያልፋል። ምንም የሚሰጡት የሌላቸው እናቶችም ተራቸውን ይጠብቃሉ። እነርሱ ሳይሰጉ እንዲመጡ ይህን ከማንም አልወስድም። ለልጄ ምርቃትዎ ይበቃዋል፤ ይመርቁልኝ።»

በዚህ ንግግር ውስጥ «ሙስና» የሚል ቃል የለም፤ «መመሪያው አይፈቅድም» የሚልም ብቻውን አልቆመም። ቃሉ «ከማንም» ስለሚል እርሷ ተለይታ አልተነካችም። በመጨረሻም የምትሰጠው ነገር ተጠይቃለች። እጇን ባዶ አድርገን አልመለስናትም፤ የእናትነት ምርቃቷን ተቀብለናል።

«ለልጁ እንጂ ለአንተ አይደለም» ብትል፣ «የልጁን እጅ የያዝሁት እኔ ነኝ» ብሎ በፈገግታ መልሶ ሐብሉን በሁለት እጁ ያስረክብ። ለድግሱ ያመጣችው ዳቦ ወይም ቅቤ ካለ ግን አይመለስ፤ ጎረቤት ሁሉ የሚያደርገውን መመለስ ከሰው መለየት ነው። በዋጋው ልክ ሌላ ስጦታ መልሶ መስጠትም አይገባም፤ ውለታው ይደራረባል እንጂ አይዘጋም። «እንግዲያው ለቤተ ክርስቲያን ይሁን» ብትል ደግሞ በሠራተኛው እጅ አይሁን። ዝርዝሩ ከወጣ በኋላ እርሷ ራሷ በሕጋዊ ደረሰኝ ገቢ ታድርገው። ከውሳኔው በፊት የገባ እንደ ሆነ ዕዳው ከአንድ ሰው ወደ ኮሚቴው ሁሉ ይተላለፋል።

ቀጥሎ በመዝገብ ይጻፍ። ቀኑ፣ የዕቃው ዓይነት፣ የተመለሰበት ቀን፣ የሁለቱ ሰዎች ፊርማ ይበቃል። በምክንያቱ ቦታ ላይ «ለክርስትና የመጣ ስጦታ፤ በምስጋና ተመልሷል» ይባል። «ሊሰጥ የተሞከረ ጥቅም» ተብሎ ከተጻፈ ግን ነገ መዝገቡን የሚያነብ ሁሉ በእርሷ ላይ ይፈርዳል። ማመልከቻዋ በሚታይበት ዕለት ሠራተኛው ከስብሰባው ይውጣ። የቀሩትም ንጽሕናቸውን ለማሳየት ሲሉ ከሌሎች ይልቅ አያጥብቁባት፤ ስጦታ ሰጥታለችና ትጎዳ ማለትም ፍርድ ማጣመም ነው።

ይህ አካሄድ ለአባቶች እንግዳ አይደለም። በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 5 ንዕማን 10 መክሊት ብር፣ 6,000 ሰቅል ወርቅና 10 መለወጫ ልብስ ይዞ መጣ፤ ከለምጹም ነጻ። ኤልሳዕ ምንም አልተቀበለውም። ንዕማን ግን ተዋርዶ አልሄደም፤ ሁለት የበቅሎ ጭነት አፈር ለመነ፣ በሰላምም ተሰናበተ። ሰጪ ሊሆን የመጣው ተቀባይ ሆኖ ተመለሰ። ግያዝ በኋላው ሮጦ ሁለት መክሊት ብርና ሁለት መለወጫ ልብስ በተቀበለ ጊዜ የጠየቀው በሐሰት ምክንያት፣ በጌታው ስም፣ በስውር ነበር። የነቢዩ እምቢታ ለንዕማን የነገረው ፈውሱ የማይሸጥ መሆኑን ነው፤ ግያዝ ያፈረሰውም ይህንኑ ነው።

እስካሁን የተናገርነው በቅንነት ለመጣ ስጦታ ነው። ከውሳኔ በፊት በጨለማ የመጣ፣ «ነገሩን አስቡበት» ከሚል ቃል ጋር የተሰጠ፣ ሲመለስም እየጨመረ የሚመጣ ከሆነ ግን ስሙ ሌላ ነው። ያን ጊዜ በዚያው ዕለት ለኮሚቴው ሰብሳቢ በጽሑፍ ማሳወቅ ይገባል።

መልሳችን ቅር አሰኝቷት እንደ ሆነ እንዴት እናውቃለን? ሰላምታዋ ይቀዘቅዛል፤ ወደ ቢሮ መምጣት ትታ ጉዳዩን በሰው ትልካለች። ያን ጊዜ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። በቤቷ ደስታ ወይም ኀዘን ሲሆን ቀድሞ መገኘት፣ ዝክር ስታወጣም ከማዕዷ መቅመስ ይገባል። ወርቋን እንጂ እርሷን እንዳልመለስን ያን ጊዜ ታያለች።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።