ከሠርጉ ወጪ ያልተጻፈው

እህቶቻችን፣ የሠርግ ወጪ ስንደምር ሥጋውን፣ ጠጁን፣ አዳራሹን እንጽፋለን። ገንዘቡ ሌላ ቦታ ቢውል ኖሮ ያስገኝልን የነበረውን ጥቅም ግን አንጽፍም። እኛ የሒሳብ ሰዎች እሱንም ወጪ እንለዋለን።

አንዲት እናት ለልጇ ሠርግ 400,000 ብር ቆጥባለች እንበል። 100,000ው ለአዳራሽና ለልብስ ነው። ቀሪው 300 እንግዳ ለማብላት ነው፤ ለአንድ ሰው 1,000 ብር። በዓመት 15 በመቶ ወለድ የምትከፍልበት የ150,000 ብር ብድርም አለባት። እንግዳውን በግማሽ ብትቀንስ በተረፈው ብድሩን ትዘጋለች። ካልዘጋችው፣ ዋናው ሳይነካ ከቆየ፣ በዓመት 22,500 ብር ወለድ ይወጣል። በየወሩ ከዋናው የምትከፍል ከሆነ ያንሳል።

«ባንክ ባስቀምጠውስ?» የምትል ትኖራለች። በ7 በመቶ ወለድ 10,500 ብር ታገኛለች። ሁለቱን ግን አንደምራቸውም፤ ያው ብር ሁለት ቦታ አይውልም። ከድግሱ ጋር የሚወዳደረው የተሻለው አንዱ ብቻ ነው፣ እሱም ብድሩን መዝጋት ነው።

ለአዳራሹ የተከፈለ ቀብድ የማይመለስ ከሆነ ከዚህ ሒሳብ ውጪ ነው። ብትደግስም ባትደግስም ሄዷል።

አንድ ነገር ደግሞ በብር መተመን አልቻልንም። ድግሳቸውን የበላንባቸውን ጎረቤቶችና የእድር ሰዎች መተው ያስቀይማል። ስለዚህ የጥሪ ዝርዝሩን ስናይ እነሱን አስቀድመን እንለያለን፤ 22,500 ብሩን የምናነጻጽረው ከተቀሩት ስሞች ጋር ነው። ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ «ይሄ ማነው?» የምንለው ሰው አይጠፋም።