ስልክ ቁጥራችን በሌላ ሰው እጅ ሲገባ

እህቶቼ፣ «የመጣልሽን ኮድ ለማንም አትንገሪ» የሚለውን ምክር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጥሩ ምክር ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ሌባ ግን ኮዱን ከእናንተ አይጠይቅም። ኮዱ በቀጥታ ወደ እሱ ስልክ እንዲመጣ ያደርጋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲም ካርድ ቢጠፋባችሁ ወደ ስልክ ድርጅቱ ሱቅ ሄዳችሁ መታወቂያ ታሳያላችሁ፤ ያንኑ ቁጥር በአዲስ ካርድ ይሰጧችኋል፤ አሮጌው ካርድ መሥራት ያቆማል። ሌባው የሚገባው በዚሁ በር ነው። የእናንተን መረጃ ይዞ «ሲሜ ጠፍቶብኛል» ይላል። ሠራተኛው ካልተጠነቀቀ፣ ወይም ገንዘብ ከተቀበለ፣ ቁጥራችሁን ያዞርለታል። ስልካችሁ ኪሳችሁ ውስጥ እያለ ቁጥሩ ከእጃችሁ ወጣ ማለት ነው።

ዱባይ የምትሠራ አንዲት እህት እናስብ። ማክሰኞ ዕለት አንድ ሰው ደውሎ «ከባንክ ነው፣ መረጃሽ ካልታደሰ ሂሳብሽ ይዘጋል፤ የመታወቂያሽን ፎቶ በዋትሳፕ ላኪ» ይላታል። ኮድ ስላልጠየቃት አትጠረጥርም፤ ትልካለች። ረቡዕ ማታ የስልኳ ኔትወርክ ይጠፋል። እሷ ግን የቤቱን ዋይፋይ ስለምትጠቀም ቪዲዮው ይሠራል፤ ምንም አታስተውልም። በዚያ ሰዓት ሌባው የባንኳን መተግበሪያ ከፍቶ «የይለፍ ቃል ረሳሁ» ይላል። የማረጋገጫው ኮድ እሱ ጋ ይደርሳል። ቀጥሎ ዋትሳፕን በቁጥሯ ይከፍትና አገር ቤት ላለችው እህቷ «ታምሜያለሁ፣ በዚህ ሂሳብ ቶሎ ብር ላኪልኝ» ብሎ ይጽፋል። ጠዋት ስትነሳ ዋትሳፕዋ አስወጥቷታል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምልክት የኔትወርኩ መጥፋት ነው። ማታ ማታ ስክሪኑ ላይኛው ጠርዝ ላይ ያሉትን የኔትወርክ መስመሮች ተመልከቱ። No Service የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ስልኩን አጥፍታችሁ አብሩ። ካልመጣ፣ ቤት ውስጥ የዚያው ድርጅት ሲም ያለው ሌላ ሰው ካለ ጠይቁ። የእሱ እየሠራ የእናንተ ብቻ ከጠፋ እስኪነጋ አትጠብቁ። ሳትጠይቁ «ሲም የመቀየር ጥያቄ ደርሶናል» የሚል መልእክት ቢመጣም እንዲሁ ነው። ነገር ግን መልእክቱ ውስጥ ያለውን ሊንክ አትንኩ፤ በምታውቁት ቁጥር ራሳችሁ ደውሉ።

የማዳምን ወይም የጓደኛን ስልክ ለምናችሁ መጀመሪያ ለስልክ ድርጅቱ ደውሉና ቁጥሩን አሳግዱ። ወዲያው ለባንኩ ደውላችሁ ሂሳቡን አሳግዱ። ከዚያ «በእኔ ስም ገንዘብ የሚጠይቅ ቢመጣ አትላኩ» ብላችሁ ለቤተሰብ ንገሩ። የእነዚህን ሁሉ ስልክ ቁጥር ዛሬውኑ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ያን ቀን ስልካችሁ አይጠራም።

ቀድሞ መከላከያው ደግሞ ይኸውላችሁ። አሁኑኑ ስልካችሁን አውጡ። ዋትሳፕ ውስጥ Settings፣ ከዚያ Account፣ ከዚያ Two-step verification የሚለውን ንኩ። ባለ 6 አሃዝ የራሳችሁን ቁጥር ይጠይቃችኋል። ይህ ቁጥር በመልእክት አይመጣም፤ እናንተ ብቻ የምታውቁት ነው። ሌባው ሲሙን ቢያገኝ እንኳ ይህ በር ያግደዋል። የልደት ቀናችሁን አታድርጉት፤ መታወቂያው ላይ ተጽፏል። ኢሜይል ካስገባችሁ ደግሞ የኢሜይሉ የይለፍ ቃል በዚያው ስልክ ቁጥር ብቻ የሚታደስ አይሁን። እንዲያ ከሆነ ሌባው በኢሜይሉ በኩል ዞሮ ይገባል። ቴሌግራምም ይህንኑ መቆለፊያ አለው፤ Privacy and Security ውስጥ ታገኙታላችሁ።

ሲም ካርዱ ላይ የሚደረገው ፒን ስልኩ ሲሰረቅ ይጠቅማል፤ ቁጥሩ በአዲስ ካርድ ሲወጣ ግን አያድንም። ለዚህኛው ወደ ስልክ ድርጅቱ ሱቅ ሄዳችሁ «ያለ እኔ መምጣት ሲም እንዳይቀየር ማድረግ ይቻላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ባንኩንም ማረጋገጫው በመልእክት ሳይሆን በመተግበሪያው ውስጥ መሆን ይችል እንደሆነ ጠይቁ።

የመጨረሻው ነገር፣ ቁጥሩ በማን ስም ነው? በአሠሪያችሁ ስም ከሆነ መልሶ ማውጣት የሚችለው እሱ ነው። ከቤቱ ስትወጡም ቁጥሩ እዚያው ሊቀር ይችላል። መታወቂያ ያላችሁ በራሳችሁ ስም አውጡና ባንኩንና ዋትሳፑን ወደዚያ አዙሩ። አገር ቤት ያለውን የባንክ ሂሳብ የያዘው ሲምም በማን ስም እንደሆነ፣ ካርዱ ማን ጋ እንዳለ ዛሬ ማታ ደውላችሁ አረጋግጡ።

Two-step verification ማግኘት ያቃታችሁ እህቶች አትሂዱ፤ አብረን እንከፍተዋለን።