ደመወዝ ከደመወዝ እስኪደርስ
(ለማኅበራችን አባሎች የተደረገ ንግግር)



በፊታችሁ የቆምነው ቀን ሠርተን ማታ የምንማር፥ አንዲት ክፍል በጋራ የተከራየን ሁለት ተማሪዎች ነን። የመጣነውም የኤኮኖሚክስ ትምህርት ልንሰጥ አይደለም፤ ያንን የሚያውቁት እዚሁ ከእኛ ጋር ተቀምጠዋል። አብዛኛው ለኪራይና ለምግብ የሚሄድ ትንሽ ደመወዝ እንዴት ወሩን ሊጨርስ እንደሚችል በራሳችን ላይ ያየነውን ለመናገር ነው።

አምና ሥራ ስንጀምር ኪሳችን ወሩ በገባ በ22ኛው ቀን ገደማ ይደርቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ከሰፈራችን ሱቅ ዳቦውንም፥ ዘይቱንም፥ ሳሙናውንም በዱቤ እንወስዳለን። ደመወዝ ሲመጣ መጀመሪያ የሚከፈለው የሱቁ ዕዳ ስለ ሆነ የሚቀጥለው ወር ከመነሻው ጐዶሎ ሆኖ ይጀምራል፤ ገንዘቡም በ22ኛው ቀን ሳይሆን በ19ኛው ያልቃል። በአራተኛው ወር ደብተር ገዝተን የምናወጣውን ሁሉ መጻፍ ጀመርን። ወሩ ሲያልቅ ብንደምረው ወጪያችን ከገቢያችን የሚበልጠው በጥቂት ነበር። ጥፋታችን ገንዘቡን ለነገሮች ስናካፍል ለቀኖች አለማካፈላችን ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው በጀት ከግምት መጀመር የለበትም። በፊት አንድ ወር ሙሉ የሚወጣው ሁሉ ይጻፍ፤ ሻዩም፥ የታክሲውም ሳንቲም ቢሆን። ሁለተኛው በጀት የሚሠራው ከዚያ ጽሑፍ ነው።

አሁን ከሁለታችን የአንዳችንን ሂሳብ እንመልከት። ግብሩና የጡረታው መዋጮ ተቀንሶ እጁ የሚገባው 8,600 ብር ነው። የክፍሏ ኪራይ 6,000 ብር ስለ ሆነ ድርሻው 3,000 ብር ነው። ይህን ደመወዙ በመጣበት ቀን ማታውኑ ለአከራያችን ይሰጣል፤ በኪሱ ያደረ ኪራይ የራሱ ገንዘብ ይመስለዋልና። ለመብራት፥ ለውሃና ለስልክ 400 ብር ለብቻው ያስቀምጣል። ቀጥሎ የወሩ አስቤዛ ይመጣል። ሽሮው፥ በርበሬው፥ ዘይቱ፥ ምስሩ፥ ጨውና ቡናው በ1,600 ብር በአንድ ጊዜ ይገዛል። ይህ አስቤዛ ገንዘብ ቢያልቅ እንኳ ድስት እንዳይራብ የሚያደርግ ነው።

የቀረው የዕለት ወጪ ነው፤ ማለትም እንጀራው፥ ሽንኩርትና ቲማቲሙ፥ የታክሲውም ሂሳብ። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ገንዘቡን ለአራት ሳምንት ያካፍላል። እኛም እንዲሁ አድርገን ነበር። ነገር ግን ወራችን 30 ቀን ነው፤ አራት ሳምንት ደግሞ 28። ሁለቱ ቀኖች በየወሩ ባለቤት ያጣሉ፤ ዱቤውም የሚጀምረው በእነርሱ ነው። አሁን የምናካፍለው በአምስት በአምስት ቀን ነው። 30 ቀን ስድስት አምስት ነው። ስለዚህ ስድስት ፖስታ አዘጋጅተን በየአንዳንዱ 500 ብር እናደርጋለን፤ ለቀኑ 100 ብር ማለት ነው። በፖስታው ላይ ከስንት እስከ ስንት ቀን እንደሚያገለግል እንጽፋለን። የሚቈጠረውም ከወሩ መባቻ ሳይሆን ደመወዙ ከገባበት ቀን ነው።

ኪራዩ 3,000፥ መብራትና ስልኩ 400፥ አስቤዛው 1,600፥ ስድስቱ ፖስታ 3,000፤ ድምሩ 8,000 ብር ነው። 600 ብር ይተርፋል። ከእርሱ 300ው ለመድኃኒት፥ ለጫማና ለመጻሕፍት ሲሆን፥ 300ው የማይነካ ነው። ምክንያቱን በኋላ እንናገራለን።

የፖስታው ጥቅም ስሕተቱን ቶሎ ማሳየቱ ነው። አንዱ ፖስታ በአራተኛው ቀን ቢያልቅ የሚያጣን የአንድ ቀን ገንዘብ ነው፤ ከሚቀጥለው ፖስታ ሳይነካ በአስቤዛው ይታለፋል። ፖስታው የሚያልቀው በመጀመሪያው ቀን ከሆነ ምክንያቱ ግብዣ ወይም ያልታሰበ ግዢ ነው፤ ሰውየው ራሱን ይጠይቅ። ግን ሦስት ፖስታ ተከታትሎ በአራተኛው ቀን ቢያልቅ ጥፋቱ የሰውየው አይደለም፤ የእንጀራው ወይም የታክሲው ዋጋ ጨምሯል ማለት ነውና በጀቱ እንደገና ይሠራ።

እንደገና ሲሠራ ብዙዎቻችን ዓይናችን የሚያርፈው በኪራይ ላይ ነው። እኛም አንድ ጊዜ ለእያንዳንዳችን 500 ብር የሚቀንስ ክፍል ከከተማው ዳር አግኝተን ልንገባ ነበር። ሆኖም ከዚያ ወደ ሥራ አንድ ታክሲ መጨመር ነበረብን፤ ሲሄዱ 15፥ ሲመለሱ 15 ብር። በ22 የሥራ ቀን 660 ብር ይሆናል። ርካሹ ቤት በወር 160 ብር ሊያከስረን ነበር። ኪራይና መጓጓዣ ሁልጊዜ ተደምረው ይታዩ።

አዲስ ቤት የሚገባ ሰው ደግሞ የቅድሚያ ክፍያውን አስቀድሞ ያስብ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ሁለት ወርም ቢሆን ከመጀመሪያው ደመወዝ ሊወጣ አይችልም።

አሁን ወደማይነካው 300 ብር እንመለስ። የነሐሴ ደመወዝ በነሐሴ መጨረሻ ይከፈላል፤ ቀጣዩ የሚመጣው በመስከረም መጨረሻ ነው። በመካከሉ ጳጉሜን አለች። ስለዚህ የነሐሴው ደመወዝ የሚሸከመው 30 ቀን ሳይሆን 35 ቀን ነው፤ እንደ 2015 እና እንደ 2019 ዓ.ም. ባለው ዓመት ደግሞ 36። በዚያ ላይ እንቍጣጣሽና መስቀል የሚውሉት በዚሁ ውስጥ ነው። አምና ትልቁ ዱቤያችን የተጻፈው በዚያ ሰሞን ነበር፤ እስከ ኅዳርም ከፍለን አልጨረስንም። ከመጋቢት ጀምሮ በየወሩ 300 ብር ቢቀመጥ በነሐሴ መጨረሻ 1,800 ብር ይሆናል። ከዚህ 500ው ሰባተኛው ፖስታ፥ የጳጉሜን ፖስታ ነው፤ ቀሪው ለሁለቱ በዓላት ይበቃል ባይባልም ከዱቤ ያድናል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ያንን 300 ብር ለምን እቍብ አትገቡበትም?» ብለውን ነበር። እቍብ መልካም ነው፤ ዕጣው በአስፈላጊው ጊዜ እንደሚወጣ ግን ማንም አያውቅም፤ መዋጮውም ሳይቋረጥ መከፈል አለበት። ስለዚህ ስድስቱ ፖስታ ሦስት ወር ሳይጐድል እስኪያልፍ ድረስ እንዳንገባ ተስማምተናል።

በመጨረሻ አንድ ነገር እንሰውር ዘንድ አይገባንም። ኪራይና አስቤዛ ተከፍለው ለስድስት ፖስታ የሚበቃ ካልቀረ፥ ምንም ዓይነት በጀት ገንዘቡን አያበዛውም። ያን ጊዜ ያለው መንገድ የክፍል ተጋሪ መፈለግ ወይም ገቢ መጨመር ነው። በጀቱ የሚጠቅመው ይህን በ22ኛው ቀን በሱቅ ደጃፍ ከማወቅ ይልቅ በመጀመሪያው ቀን በጠረጴዛችን ላይ እንድናውቀው ነው።

ደብተራችንን ይዘን መጥተናል፤ ሂሳቡን ማየት የሚፈልግ ቀርቦ ይመልከት። የኛንም ስሕተት የሚያገኝ ቢኖር ይንገረን።