ሩዙ የሚሰነጠቀው ከመፈልፈያው በፊት ነው
(በቪዲዮ ከተላለፈ መልስ የተወሰደ)

ስለ ሩዝ ያሳየነውን ቪዲዮ የተመለከቱ አንዲት እናት «ሩዜ ከመፈልፈያው ሲወጣ ግማሹ ተሰባብሮ ነው የማገኘው። ባለ ማሽኑን ልቀይር?» ሲሉ ጠይቀውናል። ዛሬ የምመልሰው ይህንኑ ብቻ ነው።

እናቴ፣ ባለ ማሽኑን ከመቀየርዎ በፊት ስጥዎን ይመልከቱ። ብዙው ሩዝ የሚሰነጠቀው ማስጫው ላይ ነው፤ ማሽኑ የተሰነጠቀውን ይለያየዋል እንጂ።

የእኛን የፎገራን ኅዳር ያውቁታል። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሌሊት ብርድና ጤዛ ነው። ቀን የደረቀ ፍሬ ሌሊት ጤዛ ሲያገኘው ላዩ እርጥበት ስቦ ያብጣል፣ ውስጡ ግን ደረቅ እንደሆነ ይቆያል። ላዩና ውስጡ ሲጓተቱ ፍሬው መካከሉ ላይ ይሰነጠቃል። ገለፈቱ ስለሚሸፍነው ከውጭ አይታይም። በማግስቱ እንደገና ቢያሰጡት ይደርቃል፣ ስንጥቁ ግን አይገጥምም።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ወደ መፈልፈያ ከመሄድዎ በፊት ከተለያየ ጆንያ 20 ፍሬ ያውጡ፤ በጥፍርዎ ቀስ ብለው ይላጡና ወደ ብርሃን አዙረው ይዩአቸው። ፍሬውን አግድም የሚያቋርጥ ቀጭን መስመር ካዩ ስንጥቅ ነው። ለምሳሌ 8ቱ ተሰንጥቀው ቢያገኙ፣ የትኛውም ማሽን ጋ ቢወስዱት ብዙ ስባሪ ይወጣዋል። አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ ከሆኑና ሩዙ ግን ግማሹ ተሰብሮ ከተመለሰ፣ ያኔ ባለ ማሽኑን መጠየቅ ተገቢ ነው። በደንብ ሳይደርቅ የተፈለፈለም ይሰበራልና እሱንም አይርሱ።

ስለዚህ ስጡን ሸራ ወይም ሰሌን ላይ ያድርጉት፤ ውፍረቱ ከሦስት ጣት አይብለጥ። በየግማሽ ሰዓቱ ያገላብጡት። እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ሰብስበው ጥላ ያድርጉለት፤ በጣም ፈጥኖ የሚደርቅም ይሰነጠቃልና። ከሁሉ በላይ ግን ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰብስበው ይሸፍኑት። ሲያመሽ ቡና ሊፈላ ነው፣ ልጆች ከከብት ጋር ይመለሳሉ፣ ሥራው ይደራረባል፤ ስጡ የሚረሳው በዚያች ሰዓት ነው። ጎረቤት ለጎረቤት ተራ ብትገቡ ይቀላል።

እህሉ ማሳ ላይ ቆሞ ከልክ በላይ ሲደርቅም ይኸው ስንጥቅ ያገኘዋል። ከዛላው አሥር ፍሬ ስምንቱ ቢጫ ሲሆን ማጨድ ነው እንጂ ሁሉም እስኪደርቅ አይጠብቁ።

የዘንድሮው ተሰንጥቆ ከሆነ ደግሞ አይጣልም። ስባሪው ተፈጭቶ ከጤፍ ጋር ለእንጀራ ይሆናል፤ ለገበያ የሚወጣውን ግን ለይተው ይሽጡት፤ ከሙሉው ጋር ከቀላቀሉት የሙሉውንም ዋጋ ይጎትተዋል።