በሸንተረሩ ላይ የወደቀች ጠብታ

(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ባለፈው ዓመት ለመንዝ ደጋ የሚሆን የዝናብ መቁጠሪያ ለመሥራት አራት ሆነን ተነሥተን ነበር። የመሣሪያው ነገር ቀላል ነው። ሁለት ትናንሽ መቀበያዎች በአንድ ዘንግ ላይ እንደ ሚዛን ተቀምጠዋል፤ አንደኛው 0.2 ሚሊ ሜትር የሚያህል ዝናብ ሲቀበል ተገልብጦ ያፈሰዋል፤ ሌላውም በተራው ይሞላል። በተገለበጠ ቁጥር ማግኔት አንዲት ማብሪያ ይዘጋና ለቆጣሪው የኤሌክትሪክ ምልክት ይደርሰዋል። ቆጣሪውን የሠራነው በሴኮንድ 50 ሚሊዮን ጊዜ የሚመታ ክሎክ ባለው ሰሌዳ ላይ ነው፤ ይኸውም ከአንዱ ምት እስከ ሌላው ምት 20 ናኖሴኮንድ ማለት ነው። ለዝናብ ይህን ያህል ፍጥነት ምን ያደርጋል ለሚሉን፣ በቤተ ሙከራው የተገኘው ሰሌዳ እርሱ ነበር ብለን እንመልሳለን።

ከዝናቡ በፊት በምልክት አመንጪ ፈተንነው። 1,000 ምልክት ብንልክለት አንድ ጊዜ 979፣ ሁለተኛ ጊዜ 982፣ ሦስተኛ ጊዜ 980 ቆጠረ። በኮምፒዩተር ላይ ያንኑ ንድፍ አስመስለን ስንሞክረው ግን 1,000ውን አንድም ሳያጎድል ይቆጥራል። ማብሪያዋ ስትዘጋ ትንቀጠቀጥ ይሆናል እንዳንል አመንጪው ማብሪያ የለውም፤ ደግሞም መንቀጥቀጥ ቁጥር ያበዛል እንጂ አያጎድልም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሽቦ ስንነቅልና ስንሰካ ከረምን።

ጥፋቱ ከሽቦው ሳይሆን ከእኛው ንድፍ ነበር። እርሱን ለመረዳት ወደ ፍሊፕ-ፍሎፕ መመለስ ያስፈልጋል። ኤክልስና ጆርዳን የተባሉ እንግሊዛውያን በ1918 እ.ኤ.አ. በሁለት የራዲዮ አምፑሎች ያሳዩት ነገር ዛሬም በትራንዚስተር ያው ነው፤ ሁለት ገልባጭ ወረዳዎች አንዱ የሌላውን ቃል እየተቀበለ እርስ በርሳቸው ይደጋገፋሉ፤ ስለዚህ ወይ 1 ወይ 0 ይዘው ይቀመጣሉ። የክሎኩ ምት በር ማለት ነው። ከምቱ በፊት በሩ ክፍት ስለ ሆነ የውጪው ምልክት ወደ ውስጥ ይገባል፤ ምቱ ሲመጣ በሩ ይዘጋና የገባው ይያዛል። ነገር ግን ምልክቱ ገብቶ ሁለቱን ወረዳዎች እስኪገለብጥ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ በሩ ከመዘጋቱ አስቀድሞ ምልክቱ ረግቶ መቆየት ያለበት ጊዜ ሴትአፕ ታይም ይባላል። በሩም በቅጽበት አይዘጋም፤ ሙሉ በሙሉ እስኪዘጋ ምልክቱ እንዳይለወጥ የሚጠበቅበት ጊዜ ሆልድ ታይም ነው።

ለስሌት እንዲመቸን ሴትአፕ 2፣ ሆልድ 0.5፣ ከምቱ በኋላ ውጤቱ እስኪወጣ ደግሞ 1 ናኖሴኮንድ እንበል። እንግዲህ በሁለት ፍሊፕ-ፍሎፖች መካከል ላለው የሒሳብ ወረዳ ከ20ው የሚተርፈው 17 ናኖሴኮንድ ነው። ወረዳው 18 ቢፈጅ ሴትአፕ ተጣሰ፤ ክሎኩን ወደ 40 ሚሊዮን ብናወርደው ግን በምቶቹ መካከል 25 ናኖሴኮንድ ስለሚሆን ይድናል። ሆልድ ሲጣስ ግን ክሎኩን ማዘግየት ምንም አይጠቅምም። አዲሱ ምልክት ፈጥኖ ደርሶ የድሮውን የሚያበላሸው በዚያው በአንዱ ምት ላይ ነውና፤ መድኃኒቱ በመንገዱ ላይ መዘግየትን መጨመር ነው።

ይህ ሁሉ ምልክቱ ከዚያው ክሎክ ሲወለድ ነው። ዝናብ ግን የእኛን ክሎክ አያውቅም። ምልክቱ በፈለገው ሰዓት ይመጣል፤ ከምቱ አጠገብ የወደቀ እንደ ሆነ ማንም ሊከለክለው አይችልም። እኛም ያንን ምልክት በቀጥታ ለሁለት ፍሊፕ-ፍሎፖች አካፍለነው ነበር፤ አንደኛው «ይህን አይተነዋል» ብሎ የሚመዘግብ፣ ሁለተኛው ቁጥር የሚጨምር። ወደ ሁለተኛው የሚሄደው መንገድ በ0.4 ናኖሴኮንድ ያህል ይረዝም ነበር። ምልክቱ በዚያች ክፍተት ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው 1 አየ፣ ሁለተኛው 0 አየ፤ በሚቀጥለው ምት «አይተነዋል» ስለ ተባለ የሚቆጥረው ጠፋ። 0.4 ከ20 ሲካፈል 2 ከመቶ ነው፤ ከ1,000 ምልክት 20ው ማለት ነው። የጎደለን ይኸው ነበር። ኮምፒዩተሩ ያላሳየን ሁሉንም ምልክት ከክሎኩ ጋር አስተካክለን ስለ ሰጠነው ነው።

መድኃኒቱ ቀላል መሰለን፤ ምልክቱን አስቀድሞ አንድ ፍሊፕ-ፍሎፕ ብቻ ይቀበለው፣ ከእርሱ በኋላ ለሁለቱ ይካፈል አልን። እንዲህ ስናደርግ 1,000ው ሞላ። ደስ ብሎን ለመምህራችን ብናሳያቸው «መልካም ነው ልጆች፤ እርሱስ መቼ ይሳሳታል?» አሉን።

ከጓሳ ሸንተረር ላይ የሚወርድ ዝናብ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ እንደ ሆነ በገደሉ ወርዶ ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ ወደ ምዕራብ ያዘነበለ ደግሞ በጀማ በኩል ወደ ዓባይ ይገባል። ጠብታዋ በትክክል ከጫፉ ላይ ብታርፍስ? በመጨረሻ ወደ አንዱ መውረዷ አይቀርም፤ ነገር ግን ለጥቂት ጊዜ ትቆማለች፤ ምን ያህል እንደምትቆምም ወሰን የለውም። ፍሊፕ-ፍሎፕም በሩ ሲዘጋ ምልክቱ በመለወጥ ላይ ከነበረ በ1 እና በ0 መካከል እንዲሁ ይቆማል። ሜታስቴቢሊቲ የሚሉት ይህን ነው። ብዙ መሐንዲሶች ነገሩን ሳያምኑ ቆይተው ቼኒና ሞልናር በ1973 እ.ኤ.አ. በኦሲሎስኮፕ የተነሣ ፎቶግራፍ አሳትመው አሳዩ።

ከመካከሉ የመራቁ ፍጥነት τ በምትባል ጊዜ ይለካል፤ በየ τ ርቀቱ 2.72 ጊዜ ያድጋል። ስሕተት በአማካይ በስንት ጊዜ እንደሚመጣም እንዲህ ይሰላል፤

```
MTBF = e^(t/τ) / (T · fc · fd)
```

t እስኪወስን የምንተውለት ጊዜ፣ T አደገኛዋ ክፍተት፣ fc የክሎኩ፣ fd የምልክቱ ድግግሞሽ ነው። T 1 ናኖሴኮንድ፣ τ 0.5 ናኖሴኮንድ፣ አመንጪው በሴኮንድ 100,000 ምልክት ይላክ እንበል፤ ታችኛው 5,000 ይሆናል። ከፍሊፕ-ፍሎፑ በኋላ ያለው ወረዳችን 12 ናኖሴኮንድ ስለሚፈጅ ለመወሰን የሚተርፈው 5 ብቻ ነው፤ ስሕተቱ በየ4.4 ሴኮንዱ ይመጣል። በእውነተኛ ዝናብ፣ በ10 ሴኮንድ አንድ ጊዜ ቢገለበጥ፣ በየ51 የዝናብ ቀን አንድ ጊዜ ነው። ይህ የባሰ መሰለን፤ በ1,000 ምልክት ፈተና አይታይም፣ መንዝ ላይ ግን ይደርሳል፤ ደርሶም ማንም ደግሞ ሊያሳየው አይችልም።

ከመጀመሪያው ኋላ ወዲያው፣ በመካከል ምንም ሳይገባ፣ ሁለተኛ ፍሊፕ-ፍሎፕ ብናስቀምጥ ግን ሙሉው 17 ናኖሴኮንድ ለመወሰን ይተርፋል። በአመንጪው ፍጥነት እንኳ ስሕተቱ በ3,700 ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ ይሆናል። 5 ወደ 17 ማደጉ ትንሽ ይመስላል፤ በላይ በኩል ስለ ተቀመጠ ነው እንዲህ የሚያደርገው።

ይሁን እንጂ τ ቋሚ አይደለችም። በዝቅተኛ ቮልቴጅ በሚሠሩ አዳዲስ ቺፖች ላይ ብርድ τን ሊያረዝማት ይችላል፤ የመንዝ ሌሊት ደግሞ ውርጭ ነው። τ 1 ናኖሴኮንድ ብትሆን በአመንጪው ፍጥነት 3,700ው ዓመት ወደ 80 ደቂቃ ይወርዳል። ስለዚህ ሦስተኛ ፍሊፕ-ፍሎፕ ጨመርን። ዋጋው ቁጥሩ ተጨማሪ 20 ናኖሴኮንድ ዘግይቶ መመዝገቡ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከመንዝ ገበሬ የሚወቅሰን አይኖርም።